የቀን ካሎሪ ስሌት፦ ስህተቱ ከቀመሩ ነው ወይስ ከማባዣው?

ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜና የእንቅስቃሴ መጠን ተቀብሎ የቀን ካሎሪን የሚያወጣ ስሌት ዛሬ በየስልኩ ይገኛል። አራት ነገር ይጠይቃል፤ አንድ ቁጥር ይመልሳል። ሰውም ያን ቁጥር ይዞ ምግቡን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚዛኑ የተጠበቀውን ሳያሳይ ሲቀር ሁለት ዓይነት ድምዳሜ ይሰማል። አንዱ "ቀመሩ ውሸት ነው" ይላል፤ ሌላው "የእኔ ሰውነት ከሰው ይለያል" ይላል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደሉም። ስሌቱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል በላቦራቶሪ ከተለኩ ሰዎች የተገኘ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ከአምስት ቃላት አንዱን መምረጥ ብቻ ነው፤ ትልቁ ስህተትም የሚገባው በዚያ በር ነው። ይህን የተረዳ ሰው ቀመሩን አይጥለውም፤ አያመልከውምም። መነሻ ያደርገውና በሚዛን ያርመዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውነት በቀን ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛው፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ በሚውል ሰው ላይ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛው፣ ምንም ሳይሠራ የሚወጣ ነው። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ ጉበት፣ ኩላሊትና አንጎል ያለማቋረጥ ይሠራሉ፣ የሰውነት ሙቀትም ይጠበቃል። ይህን የዕረፍት ወጪ እንበለው። የሚለካው በትንፋሽ ነው። ሰውየው ምግብ ሳይቀምስ አድሮ፣ ጠዋት ጋደም ብሎ፣ የሚወስደው ኦክስጅንና የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመዘገባል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ሲቃጠል ወደ 5 ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ስለሚወጣ፣ ከትንፋሹ ወጪው ይሰላል። መሣሪያው ውድ ነው፤ በየክሊኒኩ አይገኝም። ስለዚህ ከ100 ዓመት በላይ የተሠራበት ብልሃት ይህ ነው፦ በርካታ ሰዎችን በመሣሪያ መለካት፣ ከዚያ ውጤታቸው ከክብደታቸው፣ ከቁመታቸውና ከዕድሜያቸው ጋር እንዴት እንደሚሄድ በስታቲስቲክስ ማውጣት፣ በመጨረሻም ያን ግንኙነት ላልተለካው ሰው ማዋስ።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ታዋቂ ቀመር በ1919 ያወጡት አሜሪካውያኑ ሃሪስና ቤኔዲክት ናቸው። የለኳቸው አዋቂዎች 136 ወንዶችና 103 ሴቶች ነበሩ። ቀመራቸው ዛሬም በየቦታው ይሠራበታል፤ ሆኖም በአሁኑ ዘመን ሰው ላይ ሲፈተን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ የመገመት ዝንባሌ ታይቶበታል። በ1990 ሚፍሊን፣ ሴንት ጆርና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 78 የሆነ 498 ጤነኛ ሰዎችን በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት ለክተው አዲስ ቀመር አወጡ። ዛሬ በጣም የሚመከረው ይህ ነው፤ ለማስታወስም ቀላል ነው፦

10 × ክብደት (በኪሎ) + 6.25 × ቁመት (በሴንቲ ሜትር) − 5 × ዕድሜ

ከዚህ ውጤት ላይ ለወንድ 5 ይደመራል፤ ለሴት 161 ይቀነሳል። አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቢሮ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር የ34 ዓመት ሴት አለች እንበል። ቁመቷ 162 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 68 ኪሎ ነው። ከክብደቷ 680፣ ከቁመቷ 1,012.5 ይገኛል፤ ድምሩ 1,692.5 ነው። ለዕድሜዋ 170፣ ሴት በመሆኗ 161 ሲቀነስ 1,361.5 ይቀራል። ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር እዚህ ላይ ትርጉም ስለሌለው 1,360 እንበለው። ቀኑን ሙሉ ጋደም ብትል ሰውነቷ ይህን ያህል ያወጣል ማለት ነው።

አሁን ቀመሩን ገልበጥ አድርገን፣ የምናስገባው ቁጥር ቢሳሳት ምን ያህል እንደሚያበላሽ እንይ። ክብደት በ1 ኪሎ ቢዛባ ውጤቱ የሚለወጠው በ10 ካሎሪ ነው። ቁመት በ2 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት 12.5 ካሎሪ ነው። የትውልድ ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቅና ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ የቀነሰ ሰው ራሱን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጃል፤ ይህም ቢሆን የሚያዛባው ቢበዛ በ40 ካሎሪ ነው። በፓውንድ ተመዝኖ ቁጥሩን በኪሎ ቦታ ማስገባት ብቻ ነው እዚህ ላይ እውነተኛ ጥፋት የሚያስከትለው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ፓውንዱን ለ2.2 ማካፈል፣ በኢንች የተለካውን ቁመት በ2.54 ማባዛት አለባቸው። ከዚህ በቀር የቀመሩ የመጀመሪያ ክፍል ትንንሽ ስህተቶችን በቀላሉ ይሸከማል።

ታዲያ በትክክል የተለካ ቁጥር ብናስገባስ ምን ያህል ይስታል? በ2005 ፍራንከንፊልድና ባልደረቦቹ እስከዚያ የወጡትን የማነጻጸሪያ ጥናቶች ሰብስበው መርምረው ነበር። የሚፍሊን ቀመር ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሌላቸው ሰዎች በ82 በመቶዎቹ ላይ ግምቱ በመሣሪያ ከተለካው ከ10 በመቶ በላይ አልራቀም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባቸው ላይ ይህ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ይህን ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ስናመጣው፣ 1,360 የተባለው እውነተኛ የዕረፍት ወጪዋ ከ1,225 እስከ 1,500 ባለው መካከል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከዚያ ውጭ የመሆን ዕድሉም አለ። እንደ እኔ እምነት ይህ ለአንድ ሜትርና ለአንድ ሚዛን መጥፎ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ግምቱ ስለ ብዙ ሰው አማካይ የሚናገር እንጂ ስለ አንዷ ሴት የተሰጠ የምርመራ ውጤት አይደለም።

ቀመሩ ላይ የሚነሳው ዋናው ተቃውሞ ጡንቻንና ስብን አይለይም የሚል ነው፤ እውነት ነው። እኩል ቁመት፣ ክብደትና ዕድሜ ያላቸው ሁለት ወንዶች፣ አንዱ ጡንቸኛ ሌላው ቦርጫም ቢሆኑ፣ ቀመሩ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል። ጡንቻና የውስጥ አካላት ግን ከስብ ይልቅ ብዙ ያወጣሉ። ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ጥያቄ የዕድሜ ነገር ነው። በ2021 ፖንትዘርና በርካታ ተመራማሪዎች ከ29 አገሮች የተሰበሰበ የ6,400 ሰዎችን መረጃ አውጥተው፣ የሰውነት መጠንና ስብጥር ከግምት ሲገባ ወጪ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም እንደማይቀንስ አሳይተዋል። ታዲያ ቀመሩ በየዓመቱ 5 ካሎሪ የሚቀንሰው ለምንድን ነው? ሁለቱ እንደሚመስለው አይጋጩም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ክብደቱ ባይለወጥም ጡንቻው ቀንሶ ስቡ ይጨምራል። ቀመሩ ይህን ማየት ስለማይችል ዕድሜን የጡንቻ መቀነስ ምልክት አድርጎ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ቀመሩ ለብዙኃኑ ይሠራል፤ በ55 ዓመቱም ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲሠራ የኖረውን ሰው ግን ዝቅ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። በአንጻሩ ወጣት ሆኖ ጡንቻው የሳሳውን ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፦ ኔቫዳ ላይ የተለካ ሰውነት የእኛን ሰውነት ይወክላል ወይ? ጥያቄው ከስሜት የመነጨ አይደለም፤ በመስኩ ውስጥ ተነስቶ መልስ የተፈለገለት ነው። በ1985 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ሥራ ላይ ያዋሉት የሾፊልድ ቀመር ከተመሠረተባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ጣሊያናውያን ነበሩ፤ የእነሱ ወጪ ደግሞ ከሌላው ከፍ ያለ ነበር። በዚህ ምክንያት ቀመሩ በሞቃት አገሮች ለሚኖሩ ሕዝቦች ከፍ ያለ ግምት ይሰጣል ተብሎ ተተችቷል። በ2005 ሄንሪ የጣሊያኖቹን መረጃ አውጥቶ፣ ከሞቃት አገሮች ብዙ ሰው ጨምሮ፣ የኦክስፎርድ የሚባሉትን ቀመሮች አወጣ፤ ግምታቸው በአብዛኛው ከሾፊልድ ዝቅ ይላል። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ልዩ ልዩ ጥናቶችም ጥቁር አሜሪካውያን ተመሳሳይ ክብደት ካላቸው ነጮች ትንሽ ዝቅ ያለ የዕረፍት ወጪ እንዳላቸው አግኝተዋል። ከዚህ ተነስቶ "ለሐበሻ ይህን ያህል ይቀነስ" የሚል ሕግ ማውጣት ግን አይቻልም፤ ጥቁር አሜሪካዊ ላይ የተገኘ አማካይ ለአዲግራት ወይም ለሐዋሳ ሰው ማስረጃ አይሆንም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ ቀመሩ ከሳተ ወደ ላይ የመሳቱን ዕድል በልብ መያዝና ማረሚያውን ከራስ ሰውነት መፈለግ ነው።

እስካሁን ያየነው ጠንካራውን ክፍል ነው። ከዚህ በኋላ የዕረፍት ወጪው በአንድ ማባዣ ይባዛል። በስፋት የተሰራጨው ሠንጠረዥ አምስት ደረጃ አለው፦ "ተቀምጦ የሚውል" 1.2፣ "ቀላል እንቅስቃሴ" 1.375፣ "መካከለኛ" 1.55፣ "ብርቱ" 1.725፣ "እጅግ ብርቱ" 1.9። የሒሳብ ሠራተኛዋ የትኛው ውስጥ ናት? ቀኑን በወንበር ስለምታሳልፍ የመጀመሪያውን ብትመርጥ ካልተጠጋጋው 1,361.5 ተነስቶ የቀን ወጪዋ 1,634 ይሆናል። "ኧረ እኔ ብዙ እሄዳለሁ፣ ቤትም እሠራለሁ" ብላ ሦስተኛውን ብትመርጥ 2,110 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 476 ካሎሪ ሲሆን፣ ይህም አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ያለው ኃይል ነው። ዕድሜ በ8 ዓመት ሲሳሳት 40 ካሎሪ ብቻ እንደተዛባ እናስታውስ። እዚህ ግን ሴትዮዋ ስለ ራሷ ምንም አልዋሸችም፤ ሁለቱም ቃላት እሷን በቅንነት ሊገልጹ ይችላሉ።

ጉዳዩን የሚያብሰው፣ ተመሳሳይ ቃል በተለያዩ ሠንጠረዦች የተለያየ ቁጥር መያዙ ነው። በ2001 የተሰበሰበው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ተቀምጦ ወይም ቀላል ሥራ ሠርቶ የሚውልን ሰው ከ1.40 እስከ 1.69 ባለው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ምሳሌ አድርጎ የሰጠውም 8 ሰዓት ቢሮ የሚቀመጥ፣ መኪና የሚነዳ፣ አንድ ሰዓት ብቻ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው፤ ማባዣው 1.53 ሆኖ ወጥቷል። በሕዝብ ዘንድ የተሰራጨው ሠንጠረዥ ለዚሁ ሰው 1.2 ይሰጠዋል። የቀድሞው የ1985 ጉባኤ ለመሰንበት ብቻ የሚያስፈልገውን፣ ሥራ ፈትቶ ለሚውል ሰው የሚሆነውን ዝቅተኛ መጠን በ1.27 አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ 1.2 አልጋ ላይ ከዋለ ሰው እምብዛም የማይርቅ ቁጥር ነው። ተነስታ፣ ታጥባ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ ሥራ ውላ፣ ማታ ወጥ ለምትሠራ ሴት ይህ ቁጥር አይሆናትም።

መፍትሔው ቃሉን ትቶ ሰዓቱን መቁጠር ነው። ጉባኤው የሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ሥራ ከዕረፍት ወጪ ስንት እጥፍ እንደሚፈጅ ይታወቃል፤ የ24 ሰዓቱ ተባዝቶ ተደምሮ ለ24 ይካፈላል። በሠራተኛዋ ቀን ላይ እንሞክረው። 8 ሰዓት ትተኛለች፤ እንቅልፍ 1 እጥፍ ስለሆነ 8 ነው። መታጠብና መልበስ 1 ሰዓት በ2.3፣ መብላት 1 ሰዓት በ1.5፣ ቢሮ መቀመጥ 8 ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 12 ነው። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ 2 ሰዓት በ1.2 ሲባዛ 2.4፣ በእግር መሄድ 1 ሰዓት በ3.2፣ የቤት ሥራ 1 ሰዓት በ2.8፣ ማታ ቁጭ ብሎ ማረፍ 2 ሰዓት በ1.4 ሲባዛ 2.8። ጠቅላላ ድምሩ 35 ነው፤ ለ24 ሲካፈል 1.46 ይሆናል። 1,360 በ1.46 ሲባዛ 1,990 ገደማ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ከአምስቱ ደረጃዎች በአንዱም ላይ የለም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ያው ጉባኤ በእጇ የምታርስ፣ የምታርምና ውኃና እንጨት የምትሸከም የገጠር ሴትን ምሳሌ አስልቶ 2.25 አግኝቷል። የተለመደው ሠንጠረዥ የመጨረሻ ደረጃ 1.9 መሆኑ፣ ሠንጠረዡ ማንን እያሰበ እንደተዘጋጀ ይናገራል፦ ጂም የሚሄደውን የከተማ ሰው እንጂ ገበሬውን አይደለም።

ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጂም ቀኑን ምን ያህል እንደሚለውጠው ያሳያል። ሠራተኛዋ በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት ከዕረፍት 6 እጥፍ የሚፈጅ ስፖርት ብትሠራ፣ ያ ሰዓት አለዚያ የሚያልፈው በ1.4 ስለነበር፣ ጭማሪው 4.6 ነው። ለሳምንቱ ሲከፋፈል በቀን 2 ገደማ ይሆናል፤ ማባዣው ከ1.46 ወደ 1.54 ከፍ ይላል፤ ይህም 110 ካሎሪ ያህል ነው። በስሌቱ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ ተደጋጋሚው እዚህ ይፈጠራል። ሰው ጂም ስለሚሄድ "መካከለኛ" የሚለውን ይመርጣል፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቱ "400 አቃጥለሃል" ሲለው ያንንም ጨምሮ ይበላል። አንዱን ስፖርት ሁለት ጊዜ ቆጠረ ማለት ነው። የእጅ ሰዓቱ ቁጥርም ቢሆን አይታመንም፤ በ2017 ስታንፎርድ ላይ ሰባት መሣሪያዎች ሲፈተኑ የልብ ምትን በጥሩ ሁኔታ ለኩ፤ በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ።

እዚህ ላይ አንድ ከበድ ያለ ተቃውሞ አለ። ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በታንዛኒያ እያደኑና እየለቀሙ የሚኖሩትን የሃድዛ ሰዎች የቀን ወጪ ለክተው በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ሃድዛዎች ከምዕራባውያን እጅግ የበለጠ ቢንቀሳቀሱም፣ የሰውነት መጠን ሲስተካከል ጠቅላላ ወጪያቸው እንደማይበልጥ ተገኘ። ከዚህ በመነሳት ሰውነት እንቅስቃሴ ሲበዛበት ከሌላ ቦታ ይቆጥባል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ይህ እውነት ከሆነ ሰዓት ቆጥሮ ማባዣ መሥራት ከንቱ አይሆንም ወይ? ከንቱ አይሆንም፤ ግን ወሰን አለው። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ ቁጠባው ምን ያህል እንደሆነና በማን ላይ እንደሚበረታ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ሐሳቡ ይበልጥ የሚነካው የላይኛውን ጫፍ ነው፤ ሥራ በጨመረ ቁጥር ወጪ በዚያው ልክ እንደማይጨምር ያስጠነቅቃል። የሒሳብ ሠራተኛዋን የመሰለ ሰው ግን ችግሩ በታችኛው ጫፍ፣ በ1.2 እና በ1.5 መካከል ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ተቃውሞው የሚያመራን ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ቁጥሩን በወረቀት ከማጣራት በሚዛን ወደ ማጣራት።

የሚዛኑ አሠራር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውስብስብ ግን አይደለም። ሠራተኛዋ በቀን 1,700 ካሎሪ እየቆጠረች ለመብላት ወሰነች እንበል። አመጋገብ ሲለወጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት ትተወዋለች። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ትመዘናለች፤ የቀኑን ቁጥር ግን አትከተልም፤ የሳምንቱን አማካይ ትይዛለች። ክብደት በጨው፣ በሆድ ድርቀትና በወር አበባ ምክንያት በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊዋዥቅ ስለሚችል የአንድ ቀን ቁጥር አያስተማምንም። በአራት ሳምንት የሚራራቁ ሁለት አማካዮችን ታነጻጽራለች፤ አራት ሳምንት የተመረጠውም የወር አበባ ዑደቷ አንድ ዙር እንዲሞላ ነው። ከተመዘነችባቸው ሳምንታት የመጀመሪያው አማካይ 67.9፣ የአምስተኛው አማካይ 67.1 ቢሆን፣ በ28 ቀን 0.8 ኪሎ ቀነሰች። የአንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ኃይል 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ 6,160 ካሎሪ ከሰውነቷ ወጣ፤ በቀን ሲከፋፈል 220 ነው። ከበላችው 1,700 ጋር ሲደመር እውነተኛ ወጪዋ 1,920 ሆነ። በሰዓት ቆጠራ የተገኘው 1,990 ነበር፤ የሳተው በ70 ብቻ ነው።

አሁን ሌሎቹን ሁለት ግምቶች ከዚህ 1,920 ጋር እናስተያያቸው። 1.2ን መርጣ "ከ1,634 ላይ 500 ልቀንስ" ብትል ኖሮ 1,134 ካሎሪ ትበላ ነበር። 500 የመሰላት ጉድለት በእውነት ወደ 790 ይጠጋል፤ ድካሙና ረሃቡ ከፍቃድ ማነስ የመጣ ሳይሆን ከተሳሳተ ማባዣ የመጣ ይሆን ነበር። 1.55ን መርጣ ክብደቷ ባለበት እንዲጸና 2,110 ብትበላ ደግሞ በየቀኑ 190 ካሎሪ ትርፍ ሳታውቀው ይጠራቀም ነበር። ሁለቱም ስህተቶች የመነጩት ከአንዲት ቃል ምርጫ ነው።

አንባቢ "የበላችውን በትክክል መቁጠር ከቻለች አይደል!" ቢል ልክ ነው። ይህ የስሌቱ ሁሉ ደካማ ጎን ነው። በ1992 ሊችማንና ባልደረቦቹ ትንሽ እየበላን አንቀንስም የሚሉ ወፍራም ሰዎችን መርምረው፣ ሰዎቹ የበሉትን 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አጋነው እንደተናገሩ፣ የሰውነታቸው ወጪ ግን ጤናማ እንደነበር አሳይተዋል። የእኛ ገበታ ደግሞ ለቆጠራ ይበልጥ ያስቸግራል። ከአንድ ትሪ አራት ሰው ይበላል፤ ጉርሻ አለ፤ ወጡ ውስጥ የገባውን ዘይት ያበሰለችው ካልነገረች ሌላው አያውቀውም። ይህንን በከፊል ማቃለል ይቻላል። ወጡ ሲሠራ ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ ለክቶ፣ ለሚበሉት ሰዎች ቁጥር ማካፈልና የራስን እንጀራ ለብቻ ማስቀመጥ ከሁሉ የሚበልጠውን ስህተት ይቀንሳል። ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሠራተኛዋ ምግቧን ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን አሳንሳ ብትቆጥር እንኳ፣ በሚዛን የተገኘው 1,920 በእሷው የአቆጣጠር ልክ የተገኘ ነው። በቀጣዩ ወር በዚያው አቆጣጠር 200 ብትቀንስ የቀነሰችው ወደ 200 የሚጠጋ ነው። የሚያበላሸው አቆጣጠሩ በመሐል ሲለወጥ ነው። ለዚህ ነው የሚዛኑ ወር የጾም መግቢያን ወይም ፋሲካን መካከል ላይ መያዝ የሌለበት። ከሥጋና ከቅቤ ወደ ሽሮና ዘይት ሲዞር ምግቡም፣ የሚበላበት ሰዓትም፣ በሰውነት ውስጥ የሚያዘው ውኃም ስለሚለወጥ፣ አማካዩ የሁለት የተለያዩ ኑሮዎች ድብልቅ ይሆናል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ 7,700 ለአንድ ወር የሚያገለግል መለኪያ እንጂ ለዓመት የሚሠራ ተስፋ አለመሆኑ ነው። ሰው ሲቀንስ ወጪውም ይቀንሳል። ሠራተኛዋ 10 ኪሎ ብትቀንስ ቀመሩ ራሱ 100 ካሎሪ ከዕረፍት ወጪዋ ላይ ያነሳል፤ በማባዣው ሲታሰብ 146 ነው። ከዚህ ሌላ ሰውነት ረሃብ ሲበረታበት ከክብደቱ መጠን በላይ ይቆጥባል። አንሰል ኪይስ በ1944 እና 1945 ሚኒሶታ ላይ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት በከፊል ረሃብ ሲያቆያቸው፣ ክብደታቸው በሩብ ያህል ሲወርድ የዕረፍት ወጪያቸው የወረደው ወደ 40 በመቶ ነበር። ጉድለቱ መጠነኛ ሲሆን ቁጠባውም መጠነኛ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ስለዚህ ክብደት 4 ወይም 5 ኪሎ በተለወጠ ቁጥር ስሌቱም ሚዛኑም እንደገና መሠራት አለባቸው። "ጀምሬ ነበር፣ ከዚያ ቆመብኝ" የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ቁጥር ይዞ መቆየት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለጤነኛ አዋቂ ነው። ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የተለየ ቀመር አለ። ለነፍሰ ጡር የዓለም ድርጅቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 85፣ በቀጣዮቹ 285፣ በመጨረሻዎቹ 475 ካሎሪ በቀን ይጨምራሉ፤ የምታጠባ እናትም ወደ 500 ተጨማሪ ያስፈልጋታል። የታይሮይድ ሕመም ያለበት፣ በስኳር መድኃኒት ላይ ያለ፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ ሕመም ያለፈበት ሰው ግን ቁጥሩን ከስልኩ ሳይሆን ከሐኪሙ ጋር ይያዘው።

ለሌላው አንባቢ የምለው ይህ ነው። ቀመሩን አስላ፤ ከአምስቱ ቃላት አንዱን አትምረጥ፤ የትናንቱን 24 ሰዓትህን ጽፈህ ማባዣውን ራስህ አውጣ። ከዚያ የወጣውን ቁጥር ለአምስት ሳምንት በሚዛን ፈትነው፤ ሚዛኑና ቀመሩ ካልተስማሙ የምታምነው ሚዛኑን ነው።